ፊቷ የጠዋት፣ ፀጉሯ የከሰዓት

ላሊበላ ውስጥ ፎቶ ቤት በነበረኝ ዓመታት ከሁሉ በላይ የምኮራበት ሥራ ፀጉር መቀጠል ነበር። ሠርግ የሚያነሳ ሞልቶ ነበር፣ ጉርድ ፎቶ የሚያነሳም ሞልቶ ነበር፤ ፎቶ ላይ ፀጉር የሚቀጥል ግን በከተማው እኔ ብቻ ነበርኩ። ኮምፒውተሬ ውስጥ «ፀጉር» የሚል ፎልደር ነበረኝ። ፍሪዝ፣ ካስክ፣ ሹሩባ፣ የሙሽራ ሥራ፣ ሁሉም ከአዲስ አበባ በሲዲ ያስመጣኋቸው የስቱዲዮ ፎቶዎች ናቸው። ፀጉሯ የሳሳባት ልጅ ስትመጣ ከፎልደሩ አንዱን ቆርጬ አናቷ ላይ እደፋላታለሁ፣ ጠርዙን አለሰልሳለሁ፣ ታትሞ ሲወጣ እልል ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ተመልሶ መጥቶ «ይሄ ነገር ልክ አይደለም» ያለኝ የለም። ስለዚህ ልክ መስሎኝ ነበር።

ቄሱ የመጡት ከብልባላ ነው። ገና ጎህ ሳይቀድ ተነስተው በእግራቸው ነበር የመጡት፣ ጫማቸው ላይ አቧራው ተጋግሯል። ጥምጥማቸውን አስተካክለው ከአግዳሚው ጫፍ ተቀመጡና ከደረታቸው የዳዊት ማኅደራቸውን አወጡ። ከዳዊቱ ቅጠሎች መሃል አንዲት ጉርድ ፎቶ መዝዘው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ። አሮጌ የቀበሌ መታወቂያ ላይ ተለጥፋ የኖረች ነች፤ በአንድ ጥግዋ የማኅተሙ ሩብ አለ።

«ባለቤቴ ናት» አሉኝ። «አርባዋን አወጣን።»

ፎቶው ላይ ያሉት ሴትዮ ራሳቸውን ተላጭተዋል። ዓይናቸው አብጧል። ከኋላቸው ነጭ አቡጀዲ ተወጥሯል።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሴትዮዋ ወንድማቸው ሞቶባቸው በተላጩ በሦስተኛው ሳምንት ቀበሌው መታወቂያ ይታደስ ይላል። እየዞረ ፎቶ የሚያነሳ ሰውዬ በገበያ ቀን ብልባላ መጥቶ የቀበሌው ግድግዳ ላይ አቡጀዲ ወጥሮ ሕዝቡን በሰልፍ ያነሳል። «ሻሽ ይውለቅ፣ ጆሮ ይታይ» ይላል፣ ደንቡ ነው። እሳቸውም ሻሻቸውን አወለቁ። ከዚያ ወዲያ ፎቶ ተነስተው አያውቁም፣ ከዚያ በፊትም ተነስተው አያውቁም ነበር።

«ልጄ፣ እኔ ከእንግዲህ ዓለም በቃኝ» አሉ ቄሱ። ካህን ሚስቱ ስትሞትበት ሌላ አያገባም፤ እሳቸውም ሊመነኩሱ ቆርጠዋል። የዓቢይ ጾም ሳይገባ ወደ ገዳም ይሄዳሉ። «ቤቱን ለልጄ ትቼላት ነው የምሄድ። የልጅ ልጆቼ ገና ሕፃናት ናቸው። አያታችሁ ይቺ ናት ብላ ስታሳያቸው የሚያዩት ይሄን ነው። ይቺ ሴት ዕድሜዋን ሙሉ ያለቀሰች ትመስላቸዋለች። እንደሷ ሳቂታ ደግሞ አልነበረም። ፀጉሯን መልስልኝ። ሐዘኗን አውልቅልኝ።»

እኔም ደረቴን ነፍቼ «ይሄማ ቀላል ነው አባ፤ ከሰዓት ይድረሱ» አልኳቸው። አሁን ሳስታውሰው ያሳፍረኛል።

ስካን አደረግኩት፤ ከፎልደሬ ጥሩ ሹሩባ መረጥኩ፤ በመጠኑ አሳንሼ ራሳቸው ላይ ገጠምኩት። ቄሱ የቤተ ማርያምን ደጅ ስመው ሲመለሱ ስክሪኑን ወደሳቸው አዞርኩላቸው። ሰውዬው ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና አሉ። እንደገና ጎንበስ አሉ።

«ፊቷ የጠዋት ነው» አሉ። «ፀጉሯ የከሰዓት ነው።»

«ምን አሉ አባ?»

«ይሄው፤ ጉንጯን እይ፤ ፀሐይ የነካት በዚህ በኩል ነው» ብለው ለምናየው በቀኝ ያለውን ጉንጭ በጣታቸው አሳዩኝ። «የአፍንጫዋ ጥላ ወደዚያ ወድቋል። የቀበሌው ግድግዳ ጋር ስትቆም ፀሐይ መውጫው በዚህ በኩል ነው። ጠዋት ነው የተነሳችው። ፀጉሩ ግን የሚያብረቀርቀው በግራ ነው። በዚያ በኩል ፀሐይ የምትመጣው ከሰዓት ነው። ሁለት ሰው ናት፣ ልጄ።»

ተናደድኩ። በፎቶ ስንት ዓመት የሠራሁት እኔ ነኝ፣ እሳቸው ካሜራ ይዘው አያውቁም። ቀና ብዬ ስክሪኑን ሳየው ግን ትክክል ናቸው። አንድ ጊዜ ከታየ ደግሞ አላይም ማለት አይቻልም። ሴትዮዋ የሌላ ሰው ዊግ የደፉ መሰሉኝ።

ቄሱ ይሄን ከየት እንዳመጡት በኋላ ነው የገባኝ። ሰዓት በሌለበት ዘመን የጾሙን ሰዓት ለደብሩ የሚያውጁት እሳቸው ነበሩ። ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመው የገዛ ጥላቸውን በእግራቸው ይለካሉ፤ ይሄን ያህል እግር ከሆነ ዘጠኝ ሰዓት ደርሷል፣ ሕዝቡ ቅዳሴ ገብቶ ይፍታ፣ ይላሉ። አርባ ዓመት ሙሉ ጥላ ሲያነቡ የኖሩ ሰው ናቸው። እኔ ደግሞ በሙያዬ አንድም ቀን ጥላ አንብቤ አላውቅም።

«ቀላል ነው» አልኩ፣ አሁንም። ፀጉሩን ግራና ቀኙን ገለበጥኩት፤ መስታወት ውስጥ እንደሚታየው ማለት ነው። ብርሃኑ ወደ ቀኝ መጣ። ቄሱ «ይሻላል» አሉኝ፣ ለእኔ አዝነው ይመስለኛል። ጠጋ ብለው አይተው ግን «ፊቷ አንድ ሰዓት ተኩል ነው፣ አናቷ ግን ስድስት ሰዓት ሆኗል» አሉ።

ያኔ ነው ቀላል አለመሆኑ የገባኝ። የስቱዲዮው መብራት ከላይ ነው የተሰቀለው፣ ስለዚህ የሹሩባው አናት አብርቶ ታቹ ጨልሟል። የሴትዮዋ ፊት ላይ ያለው ግን ገና የወጣች ዝቅ ያለች ፀሐይ ነች፤ የአፍንጫቸው ጥላ ወደ ከንፈር አልወረደም፣ ጉንጫቸው ላይ ወደ ጎን ተጋድሟል። ቀኝና ግራን በመገልበጥ ማስተካከል ይቻላል። ላይና ታችን ግን በምን አባቴ ላድርገው? ፎልደሬን ከላይ እስከ ታች አገላበጥኩ። ያሉኝ ፀጉሮች ሁሉ መብራታቸው ከላይ ነው። አንድም የጠዋት ፀጉር የለኝም።

«አባ፣ ልጅዎን ይዘው ይምጡ» አልኳቸው። «ፀጉሯን እንደ እናቷ ተሠርታ፣ ያንኑ ብርሃን ጠብቄ ላንሳት። ከዚያ ፀጉሩን ብቻ ወስጄ ለእናቷ እሰጣለሁ።»

ቄሱ አዩኝ። «ልጄ ተላጭታለች» አሉ። «ለእናቷ ላትላጭ ኖሯል?»

እንዴት እንዳልታሰበኝ! እኔም እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። የሴትዮዋን ፀጉር የመሰለ ፀጉር ያላቸው ሁሉ፣ ልጃቸውም፣ እህታቸውም፣ የእህታቸው ልጆችም፣ ለሳቸው ብለው ተላጭተዋል። ከዘመድ ወገን አንድ ክር ፀጉር አልተረፈም።

የተገኘችው ጎረቤት ነች። ሟቿ የብልባላን ግማሽ ሴቶች ፀጉር ይሠሩ ነበር አሉ፤ ይቺን ጎረቤታቸውን ሹሩባ ሲሠሯት ሃያ ዓመት ሆኗቸዋል። የሥጋ ዘመድ ስላልሆነች አልተላጨችም። በቀጠርነው ቀን ካሜራዬን ይዤ በአይሱዙ ጋቢና ብልባላ ወረድኩ፣ ቄሱ ቤት አደርኩ። ጎረቤቲቱ በማለዳ መጣች፤ ሌላ ሴት ሠርታታለች፣ አሠራሩ ግን የሟቿ ነው፣ ከግንባር ወደ ኋላ ቀጫጭን፣ ማጅራት ላይ የሚበተን። በሩ ላይ ቆማ አልገባም አለች።

«አባ፣ ይቅር በሉኝና እንዲያው ፈራሁ። ፀጉሬን ለሞተ ሰው ልስጥ? ነገ እኔን ብታስከትለኝስ?»

«አንቺን እሷ አስከትላሽ ምን ልታደርግሽ?» አሉ ቄሱ። «ፀጉርሽ ካንቺው ጋር ነው የሚቀር። ምስሉን ነው የምንበደር።»

«አንቱ ካሉ እሺ» አለች። እየፈራች ተቀመጠች።

የቀበሌው ግድግዳ ፈርሶ ሌላ ተሠርቷል፣ ፊት ለፊቱም ባሕር ዛፍ አድጎ ጠዋት ጥላ ነው። ግን ያው ግድግዳ አያስፈልገኝም ነበር፤ ይሄን ስናወራ አድረን ነው ለራሴም የገባኝ። ቁም ነገሩ ፀሐይዋ ለፊቷ በየት በኩል፣ በምን ያህል ከፍታ እንዳለች ነው። ከፍታውን ሰዓቱ ይሰጠናል፣ አቅጣጫውን ጎረቤቲቱን በማዞር እናገኘዋለን። ቄሱ ግቢ ውስጥ፣ ሣር ቤቱ ግድግዳ ላይ ነጭ ጋቢ ወጠርን። ጉርዱን ፎቶ ትልቅ አድርጌ ያተምኩትን ቅጂ በግራ እጄ ያዝኩ።

ቄሱ መሃል ግቢው ላይ ቆመው ጥላቸውን በእግራቸው ለኩ። «ገና ነው» አሉ። ጠበቅን። እንደገና ለኩ፤ ተረከዝ ከጣት እያገናኙ፣ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ። «አሁን።»

ጎረቤቲቱን አገጯን ይዤ በቀስታ አዞርኳት። የአፍንጫዋ ጥላ በጉንጯ ላይ ሄደ፣ ሄደ፣ በቅጂው ላይ ያለበት ቦታ ሲደርስ «እንዳትነቃነቂ» አልኳት። ዓይኗ ውስጥ ያለችውን ነጭ ነጥብም አየሁ፤ ፀሐይዋ በሟቿ ዓይን ውስጥ ባለችበት ጎን፣ ባለችበት ከፍታ ነው ያለችው። በሕይወቴ እንደዚያ ተጠንቅቄ ፎቶ አንስቼ አላውቅም። ስምንት ጊዜ አነሳኋት። የሟቿ ልጅ በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ታየናለች።

ላሊበላ ተመልሼ አራት ቀን ሠራሁት፤ መብራቱ ሲሄድ ቁጭ ብዬ እየጠበቅኩ። ፀጉሩን ክር በክር ማለት በሚያስችል ጥንቃቄ ቆረጥኩት። ጉርዱ ፎቶ አርጅቶ ቢጫ ስለሆነ ፀጉሩንም አስረጀሁት፣ ትንሽም አደበዘዝኩት፤ አዲስ ነገር አሮጌ ላይ ሲቀመጥ ጥራቱ ራሱ ያሳብቃል። ከዚያ ወደ ጥላው መጣሁ። የተላጨ ግንባር ላይ የፀጉር ጥላ የለም፤ ስለዚህ በፀጉሩ ጠርዝ ሥር፣ ፀሐይ በሌለችበት በግራ በኩል፣ ቀጭን ጥላ ቀለም ቀባሁ። በቀኝ በኩል፣ ፀሐይ በምትመታው፣ ተውኩት። ጆሮው ጀርባ አጨለምኩ። ማጅራት ላይ የተበተነው ፀጉር አንገት ላይ የሚጥለውን ጥላ ከጎረቤቲቱ ፎቶ እያየሁ ሠራሁት። አራተኛው ቀን ላይ ከወንበሬ ተነስቼ በር ላይ ቆሜ ወደ ስክሪኑ ሳይ፣ አንዲት ሴት ነች። ሁለት አይደለችም። እንባዬ መጣ፤ በሥራዬ ተደስቼ ነው እንጂ ለሴትዮዋ አልነበረም፣ እውነቱን ለመናገር።

ቄሱ ልጃቸውን ይዘው መጡ። ጾሙ ሊገባ አንድ ሳምንት ቀርቶታል፣ በማግሥቱ ወደ ገዳም የሚሄዱበት ቀን ነው። ልጅቷ ስክሪኑን ስታይ «እማዬ» ብላ ተቀመጠች። ቄሱ ቆመው ነው ያዩት። አፍንጫውን አዩ፣ ግንባሩን አዩ፣ የፀጉሩን አናት አዩ።

«አንድ ሰዓት ተኩል» አሉ። «ሁሉም አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ተባረክ።»

እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። አታሚውን ከፈትኩ፣ ወረቀት አስገባሁ። ሰውዬው ግን ዓይናቸውን ከስክሪኑ አልነቀሉም። ፊታቸው ላይ የነበረው ፈገግታ ቀስ እያለ ሲጠፋ አየሁት።

«ልጄ» አሉ። «ጥላዋ ተላጭቷል።»

መጀመሪያ አልገባኝም። ጣታቸው ያረፈበትን ሳይ ደነዘዝኩ። ከኋላዋ፣ አቡጀዲው ላይ፣ ከጭንቅላቷ በስተግራ፣ ጥላዋ አለ። ክብ፣ ለስላሳ፣ መላጣ። ፊቷን አራት ቀን ስመለከት የኖርኩ ሰው፣ አቡጀዲውን አንድም ጊዜ አላየሁም። ፀጉር ያላት ሴት ፀጉር የሌለው ጥላ ጥላለች።

«ይስተካከላል አባ፣ ይስተካከላል!» አልኩ። ማውሱን ያዝኩ። የጎረቤቲቱን ፎቶ ከፈትኩ። ጥላዋ እዚያው ጋቢው ላይ ነበር፣ የተበተነው ፀጉር ጫፉ ሳይቀር፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ እጄ ውስጥ ነበር። «አሥር ደቂቃ ብቻ ነው። ይሄን ወስጄ እዚያ...»

«ተወው!»

ያለችው ልጅቷ ናት። ተነሳች። ነጠላዋን ከራሷ ላይ ገፈፈችው። ፀጉሯ ገና ጣት የማይዘው ቡቃያ ነበር፣ የራሷ ቅርፅ ቁርጥ አቡጀዲው ላይ ያለው ጥላ ነው።

«አባ፣ እናቴ ለወንድሟ ነበር የተላጨች። ሦስት ወር ሙሉ ነው ያለቀሰች። ከሞተ በሦስተኛው ሳምንት ሹሩባ ተሠርታ ፎቶ ተነሳች ይበሉን? አላለቀሰችለትም ይበሉን?» ወደ እኔ ዞረች። «እኔስ? እኔ ለእሷ የተላጨሁትን ነገ አንዱ መጥቶ እንዲህ ቢያጠፋውስ?»

ማውሱን ለቀቅኩ። ሦስታችንም ወደ ስክሪኑ ዞርን። ያልገባኝ ነገር ያኔ ነው የገባኝ። ፀጉሩ የከሰዓት፣ ፊቱ የጠዋት በነበረ ጊዜ ውሸቱ የእኔ ነበር፤ ማንም አይቶ የፎቶ ቤት ሥራ ነው ይላል። ብርሃኑን ባስተካከልኩ ቁጥር ግን ውሸቱ ወደ ሴትዮዋ ተሻገረ። አሁን ፎቶው ላይ ያሉት፣ ዓይናቸው በሐዘን ያበጠ፣ ለወንድማቸው ግን ፀጉራቸውን ያልነኩ ሴት ናቸው። የሳቸው ሆኖ የቀረው ምስክር ያ ጥላ ብቻ ነው።

«አባ፣ ምን ላድርግ?» አልኳቸው። ደንበኛ እንዲህ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

«እኔ እንኳ» አሉ ቄሱ፣ «ሳቂታነቷን ነበር የፈለግኩ። እሱ ደግሞ ፀጉሯ ላይ አልነበረም።» መቋሚያቸውን አነሱ። «ከነፀጉሩ እንዳለ አትመው። ጥላውን እንዳትነካ።»

አተምኩት። ልጅቷ በነጠላዋ ጠቅልላ ያዘችው። ቄሱ ጉርዷን ፎቶ ከጠረጴዛዬ ላይ አንስተው ወደ ዳዊታቸው መልሰው ከደረታቸው ከተቱ። ገዳም ይዘዋት ይሂዱ፣ ለልጃቸው ይተዉላት፣ አልጠየቅኩም። በር ላይ ደርሰው ፀሐይዋን ቀና ብለው አዩ፣ ጥላቸውን ግን አልለኩም። ወደ ብልባላው መንገድ አብረው ወረዱ።

ፋይሉ አሁንም አለኝ። ኮምፒውተር በቀየርኩ ቁጥር አብሬ አሻግረዋለሁ። አንዳንዴ እከፍተውና የጎረቤቲቱን ጥላ ከጎኑ አስቀምጣለሁ፤ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው፣ አሁንማ አምስትም አይፈጅብኝ። ማውሱን እይዛለሁ። እተወዋለሁ።